የምስል ሠሪው ማሸጊያ ፊደሉ ለምን ይበላሻል?

ምስል ሠሪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቡና ማሸጊያ ሲሠራ ፍሬውና ጥላው ያምራል፤ ጽሑፉ ግን ብዙ ጊዜ ፊደል መሳይ ጭረት ሆኖ ይቀራል።

ምክንያቱ ፕሮግራሙ የሚጽፍ ሳይሆን የሚስል መሆኑ ነው። የስቴብል ዲፊዩዥን የመጀመሪያ ስሪቶች ደግሞ ምስሉን የሚሠሩት አሳንሰው ነው፤ 8 በ8 ፒክስል የሚያህል ቦታ በአንድ ነጥብ ይወከላል። ቁመቱ 16 ፒክስል ለሆነ ፊደል ከላይ እስከ ታች ሁለት ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ቅጠል ትንሽ ቢዛነፍም ያው ቅጠል ነው፤ «ቡ» ግን የጎን ቅጥያዋ ከጠፋ «በ» ትሆናለች። አዳዲሶቹ ሞዴሎች አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትን በአብዛኛው አስተካክለው ይጽፋሉ፤ በሠለጠኑባቸው ምስሎች ውስጥ እምብዛም የማይገኘው የግዕዝ ፊደል ግን ይበልጥ ያስቸግራቸዋል።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። መጀመሪያ «ጽሑፍ የሌለበት፣ ባዶ መለያ ያለው ማሸጊያ» ብለው ያዝዙ። ከዚያ ምስሉን በፎቶሾፕ ወይም በነፃው ጊምፕ ከፍተው ስሙን በአማርኛ ፎንት፣ ለብቻው በሆነ ሌየር ላይ ይጻፉ። ማሸጊያው ዞር ያለ ከሆነ ጽሑፉን በፐርስፔክቲቭ መሣሪያ ያዘንብሉት። ጽሑፉ ባለቀለም ከሆነ ሌየሩን «መልቲፕላይ» ላይ ሲያደርጉት የማሸጊያው ጥላና እጥፋት በፊደሎቹ ላይ ይታያል።

ክብደትንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀንን ግን ምንጊዜም በእጅዎ ይጻፉ፤ ከመታተሙ በፊትም ሌላ ሰው ያስነብቡ።