ከቤንዚን ደረሰኝ በፊት የማይል ደብተር

አሜሪካ ውስጥ በደመወዝ እየሠራ በትርፍ ሰዓቱ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ሰው ታክሱን ሲያሠራ ስኬጁል ሲ የሚባል ቅጽ ይሞላል። በቅጹ ሁለተኛ ገጽ፣ ስለ መኪና በሚጠይቀው ክፍል መጨረሻ ላይ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። የቀነስከውን ወጪ የሚደግፍ ማስረጃ አለህ? ካለህስ በጽሑፍ ነው? ብዙ ጊዜ ታክስ ሠሪው ሁለቱም ላይ «አዎ» ብሎ ያልፋል፣ ባለጉዳዩም ይፈርማል። ማስረጃው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው የሚነሳው ሁለት ዓመት ቆይቶ ከአይአርኤስ ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ዘመድ የሌለው አበሻ ማግኘት ይከብዳል። ስለ ታክስ የሚወራውም በብዛት ስለ ደረሰኝ ነው፤ የቤንዚን ደረሰኝ፣ የመኪና እጥበት ደረሰኝ፣ የጎማ ደረሰኝ። ኪስ ሙሉ የቤንዚን ወረቀት ይዞ ታክስ ሠሪ ዘንድ የሚሄድ ሾፌር ሞልቷል። ከእነዚህ ወረቀቶች አብዛኞቹ ግን ለእሱ ምንም አይሠሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ወጪ በሁለት መንገድ ይቀነሳል። አንደኛው ለመኪናው የወጣውን ሁሉ፣ ማለትም ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውንና የመኪናውን ማርጀት ደምሮ ለሥራ የዋለውን ድርሻ ማስላት ነው። ሁለተኛው ለሥራ የተነዳውን እያንዳንዱን ማይል አይአርኤስ በየዓመቱ በሚያወጣው ሳንቲም ማባዛት ነው፤ ለ2025 ይህ ሳንቲም 70 ነበር። ሳንቲሙ ቤንዚኑንም፣ ዘይቱንም፣ ጎማውንም፣ ኢንሹራንሱንም በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ማይሉን የመረጠ ሰው የቤንዚን ወጪን ለብቻው ደግሞ መቀነስ አይችልም። በትርፍ ሰዓት ለሚነዳና ብዙ ቤንዚን ለማይበላ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ማይሉ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ የራስ መኪና ለሥራ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት ማይሉ ካልተመረጠ፣ በዚያ መኪና ወደኋላ ተመልሶ ወደ ማይል መግባት አይቻልም።

እንግዲህ ደረሰኝ የሌለው ነገር ማይል ነው። ማንም ወረቀት ቆርጦ አይሰጥም፤ ሾፌሩ ራሱ ካልጻፈው የለም። አይአርኤስ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፤ ቀኑ፣ የተነዳው ማይል፣ የተሄደበት ቦታና የሄዱበት ምክንያት። ከዚህ ሌላ ዓመቱ ሲገባና ሲወጣ የመኪናው ቆጣሪ ስንት ላይ እንደነበረ። ጃንዋሪ 1 ጠዋት ዳሽቦርዱን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይህንን የመጨረሻውን ነገር ይጨርሰዋል። የቀረው በሃምሳ ሣንቲም እስክሪብቶ የሚሠራ ሥራ ነው። አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፣ ቀን ፓርኪንግ የሚሠራና ከዓርብ እስከ እሁድ የሚነዳ ሰው፣ የቅዳሜ ገጹን እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፦

«ቅዳሜ፣ ጁን 14። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲ፣ ደለስ ኤርፖርት። ሲነሳ 48,212፣ ሲመለስ 48,347። ኡበር። ከዚህ ውስጥ ለግል 14፣ ሱቅ።»

135 ማይል ተነድቷል፤ 14ቱ ለግል ሲወጣ 121 ለሥራ ቀረ። በ70 ሳንቲም ሲባዛ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ወደ 85 ዶላር ወረደ ማለት ነው። በየጉዞው መጻፍ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የተሞላ ደብተርም በጊዜው እንደተያዘ ይቆጠራል። የማይቆጠርለት በኤፕሪል ወር፣ ታክስ ሠሪው ቢሮ ደጅ ቆሞ ዓመቱን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ የሞላው ደብተር ነው። ይህ ደግሞ በቀላሉ ይታወቃል፤ ሁሉም ቀን 100 ወይም 150 ማይል ይሆናል፣ ልጁ ታሞ ቤት የዋለበት ቅዳሜም እንደተሠራበት ይጻፋል።

ለሥራ የሚባለው የትኛው ማይል ነው? ተሳፋሪ የተጫነበት ብቻ አይደለም። አፑ በርቶ ጥሪ እየጠበቁ የተዞረበትም፣ ተሳፋሪውን ለመጫን የተሄደበትም ይገባል። ከቤት ወደ ፓርኪንጉ ሥራ መመላለስ ግን አይገባም። ኡበር በዓመቱ መጨረሻ በሚያወጣው የታክስ ማጠቃለያ ላይ አፑ በርቶ የተነዳው ማይል ተጽፎ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ደብተሩን ትቶ በዚያ ይተማመናል። እንደ ማመሳከሪያ ጥሩ ነው፤ ወጥመድም አለበት። ሁለቱንም አፕ ከፍቶ ቶሎ ጥሪ የመጣበትን የሚወስድ ሾፌር የኡበርን ማይልና የሊፍትን ማይል ሲደምር፣ አንዱን መንገድ ሁለቴ ነዳሁ ማለቱ ነው። ድምሩ የመኪናው ቆጣሪ ዓመቱን ሙሉ ከዞረው በላይ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜም አለ።

የሚመረምር ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ቆጣሪውን ነው። ዘይት ሲቀየር ጋራዡ ደረሰኙ ላይ የቆጣሪውን ንባብ ይጽፋል፤ ኢንስፔክሽን ሲደረግም እንደዚያው። ስለዚህ በማይሉ ዘዴ የዘይት ቅያሪው ብር ለብቻው ባይቀነስም ደረሰኙ መጣል የለበትም። ማርች ላይ አንድ ቁጥር፣ ሴፕቴምበር ላይ ሌላ ቁጥር፣ ያውም ሌላ ሰው የጻፈው፤ ለደብተሩ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የጋራዥ ወረቀት ሙቀት የነካው እንደሆነ ይደበዝዛልና መኪና ውስጥ ከማስቀመጥ በዚያው ሰዓት ፎቶ ማንሳት ነው። ፎቶው የሚነበብ ከሆነ እንደ ወረቀቱ ያገለግላል።

ከማይሉ ሌላ በሳንቲሙ ውስጥ የማይካተቱ ጥቂት ወጪዎች አሉ። ለሥራ የተከፈለ ቶልና ፓርኪንግ፣ ከስልክ ሒሳብ ላይ ለሥራ የዋለው ድርሻ። ተሳፋሪው የከፈለው ቶል በሾፌሩ ጠቅላላ ገቢ ውስጥ ተደምሮ ስለሚመጣ፣ የኢዚፓስን ወርሃዊ መግለጫ አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የፖሊስ ቅጣት ግን ሥራ ላይ የተቀጣም ቢሆን አይቀነስም።

አሁን ወደ ፓርኪንግ ሠራተኛው ዓመት እንምጣ። ቶሉን ለጊዜው እንተወው። ኡበር የላከለት 1099-ኬ 24,000 ዶላር ይላል። ሰውዬው ደነገጠ፤ ባንክ የገባው 17,200 ነው። ስህተት አይደለም። ቅጹ የሚያሳየው ተሳፋሪዎቹ የከፈሉትን በሙሉ ነው፤ ኡበር የወሰደው 6,800 ገና አልተነሳለትም። ይህ ቁጥር በታክስ ማጠቃለያው ላይ ለብቻው ተዘርዝሯል፤ ሰውዬው አፑ ውስጥ ገብቶ ካላወረደው ግን ታክስ ሠሪው ጋ አይደርስም። ያኔ በእጁ ባልገባ 6,800 ዶላር ላይ ግብር ይከፍላል። በተቃራኒው ባንክ የገባውን 17,200 ገቢ ብሎ ጽፎ ኮሚሽኑን እንደገና የሚቀንስም አለ፤ እሱ ደግሞ አንዱን ወጪ ሁለቴ መቀነሱ ነው፣ የጻፈው ገቢም ከ1099 ጋር አይገጥምም።

በትክክል ሲሠራ ከ24,000 ላይ 6,800 ይነሳል። ደብተሩ ላይ ለሥራ የተነዳው 15,600 ማይል ነው፤ በ70 ሳንቲም 10,920 ይሆናል። ከስልክ ሒሳቡ ግማሹ 360። የቀረው ትርፍ 5,920 ዶላር ነው። ከትርፍ ሥራ የሚገኝ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ከገቢ ግብር ሌላ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ይከፈልበታል፤ ይህም ቀጣሪና ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ተካፍለው የሚከፍሉት፣ እዚህ ግን አንዱ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ነው። በዚህ ትርፍ ላይ ወደ 836 ዶላር ይመጣል። ደብተሩ ባይኖርና ማይሉ ቢወድቅ ትርፉ 16,840 ይሆናል፣ ይኸው ታክስ ብቻ ወደ 2,379 ያድጋል። የገቢ ግብሩ ልዩነት ገና አልተቆጠረም። ቅጹ ላይ የቀረው ማይልም ይጠየቃል፤ የሰውዬው መኪና በዓመት 24,400 ማይል ከተነዳ 4,800ው የፓርኪንጉ ሥራ መመላለሻ፣ 4,000ው የግል ነው። ሦስቱ ተደምረው ከቆጣሪው ጋር መግጠም አለባቸው።

1099 አለመምጣቱ ገቢውን ነጻ አያደርገውም። በእጅ የተሰጠ ጉርሻም፣ ለጓደኛ ዕቃ አጓጉዞ የተቀበሉት ገንዘብም ደብተሩ ውስጥ ቦታ ይፈልጋል። ጉርሻን ለይቶ መጻፍ ከ2025 ጀምሮ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ አዲሱ ሕግ ደንቡን ያሟላ ጉርሻ የገቢ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፣ ከሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ግን አያድንም።

በእኛ ሰው ላይ ለየት ብሎ የሚመጣ አንድ ጉዳይ ዕቁብ ነው። መርማሪ ደብተር አልበቃ ካለው የባንክ ሒሳቡን ያያል፤ የገባውን ሁሉ ደምሮ ከተመዘገበው ገቢ ጋር ያነጻጽራል። በኦክቶበር በአንድ ቀን የገባ 10,000 ዶላር ዕቁብ ለእሱ ያልተነገረ ገቢ ይመስለዋል። በእርግጥ የራስ ገንዘብ ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ያንን ማሳየት ያለበት ግን ባለ ሒሳቡ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ለዕቁቡ የተከፈለው በዜል ከሆነ ዱካው አለ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የዕቁብ ጸሐፊው መዝገብ ፎቶ፣ የአባላቱና የዕጣው ቀን ዝርዝር ይቀመጥ። ከሁሉ የሚቀለው ግን የኡበርና የሊፍት ገንዘብ ብቻ የሚገባበት ሌላ የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ዕቁቡ፣ ከእህት የተበደሩት፣ አብሮ የሚኖረው ሰው ለቤት ኪራይ የሰጠው ሁሉ እዚያ ስለማይገባ መለየቱ የዓመት መጨረሻ ሥራ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ግን በኤፕሪል በአንዴ በሚጠየቀው ገንዘብ ነው። ኡበር እንደ ቀጣሪ ግብር ቀንሶ አያስቀምጥም። በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ ይኖርብኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በአጠቃላይ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በተከታዩ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ከፋፍሎ መክፈል አለበት፤ ካልሆነ ቅጣት ይደመርበታል። ደመወዝ ያለው ሰው ግን ሌላ በር አለው። ለቀጣሪው በሚሰጠው ደብሊው-4 ቅጽ አራተኛ ክፍል ላይ ከየደመወዙ ተጨማሪ ይቆረጥልኝ የሚል መስመር አለ። የፓርኪንግ ሠራተኛው በ12 በመቶው እርከን ውስጥ ከሆነ፣ በኡበሩ ትርፍ ላይ የሚመጣበት የፌዴራል የገቢ ግብር ቅናሾቹ ከተነሱ በኋላ ወደ 530 ዶላር ነው። ከ836ቱ ጋር ወደ 1,370 ይጠጋል። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚከፈለው ከሆነ ለ26 ደመወዝ ሲካፈል 53 ዶላር አካባቢ ነው፤ መስመሩ ላይ 55 ቢጽፍ ይበቃዋል። የሜሪላንድ ግብር የራሱ ቅጽ አለው፤ እዚያም እንዲሁ ማስጨመር ይቻላል።

ይህ መንገድ ከሩብ ዓመቱ ክፍያ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ከደመወዝ የተቆረጠ ግብር መቼም ይቆረጥ፣ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ይታያል። ስለዚህ ደብተሩን ኦገስት ላይ ደምሮ ትርፉ ካሰበው በላይ መሆኑን ያየ ሰው አዲስ ደብሊው-4 ሞልቶ በቀሩት ወራት ከፍ ቢያደርገው ያለፈው ጊዜ ይሸፈንለታል።