ፎቶው ያልያዘው ጣሪያ

ጎንደር ሄዶ የፋሲል ግንብን ፎቶ ሳያነሳ የተመለሰ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አብዛኛው ፎቶ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ከግንቡ ፊት ቆሞ፣ ስልኩን ቀና አድርጎ የተነሳ። ግድግዳው ይታያል፣ ጥግ ላይ የቆሙት ክብ ማማዎች ይታያሉ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው የግንቡ አናት ሰማዩን ነክሶ ይታያል። ለማስታወሻ ከበቂ በላይ ነው። ይህንኑ ፎቶ ይዘው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ የሚቆም ግንብ ለመሥራት ሲነሱ ግን አንድ ትልቅ ነገር እንደጎደለው ያስተውላሉ፤ ጣሪያው የለም።

ብዙ የግንባታና የስልት ጌሞች ዓለማቸውን የሚያሳዩት አይሶሜትሪክ በሚባለው አቀማመጥ ነው። የክብሪት ቀፎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ቆመው ከአንድ ጥጉ በኩል ቁልቁል ይዩት። ሁለት ጎኖቹና አናቱ በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ አይሶሜትሪክ ማለት በግምት ይህ ነው። ልዩነቱ የራቀው ነገር አለማነሱ ነው። ከኋላ ያለው ማማ ከፊት ካለው እኩል ይሳላል፣ ትይዩ መስመሮችም እስከ መጨረሻው ትይዩ ሆነው ይቀራሉ። በዚህ አሳሳል ሁሉም ጎኑ እኩል የሆነ ሳጥን ሦስት ፊቶቹ እኩል ስፋት ይኖራቸዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ከሚያየው ሕንፃ ሲሶው ጣሪያ ነው ማለት ነው፣ ከመሬት የተነሳው ፎቶ ደግሞ የደበቀው እሱኑ ነው።

ሎ ፖሊ የሚባለው ሌላው ግማሽ ነው። በጌም ውስጥ ማንኛውም ቅርጽ ከሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይገጣጠማል፤ ሎ ፖሊ በጥቂት ቁርጥራጮች፣ ወረቀት አጥፈው የሠሩት በሚመስል ሁኔታ የተሠራ ነው። ፎቶውን ወደዚህ ቋንቋ የሚመልሰው ሰው የመጨረሻውን ሞዴል አይሠራም። የሚያዘጋጀው መነሻ ሥዕል ነው፤ የጌሙን አካባቢ የሚገነባው ባለሙያ ከስክሪኑ ጎን ከፍቶ፣ መጠኑንና ቀለሙን እያየ የሚሠራበት።

የመጀመሪያው ሥራ ፎቶውን አለማመን ነው። ካሜራ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያሳንሳል። በሰያፍ የተነሳ ግድግዳ ላይ መስኮቱ መሐል ላይ መሆን አለመሆኑን በማስመሪያ ለክተው ቢወስኑ ይሳሳታሉ፤ በፎቶው ላይ የግድግዳው ርዝመት እኩሌታ የእውነተኛው ግድግዳ መሐል አይደለም። መላው ቀላል ነው። ከአንዱ የግድግዳ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ ከሌላውም እንዲሁ፣ ሁለት መስመር ያስምሩ። የሚቋረጡበት ነጥብ እውነተኛው መሐል ነው። በእሱ ላይ ቀጥ ያለ የቁም መስመር ካሳለፉ ግድግዳው ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ እያንዳንዱን ግማሽ እንደገና በዚያው መንገድ ሲከፍሉ ሩብ ሩቡን ያገኛሉ። በእነዚህ መስመሮች የትኛው መስኮት የት እንደሚውል አይሶሜትሪኩ ላይ ያለ ግምት ማስቀመጥ ይቻላል።

fSpy የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይህን በሌላ መንገድ ያቀላል፤ የፎቶውን መስመሮች ሲያሳዩት ካሜራው የቆመበትን ቦታ አስልቶ ለብሌንደር ይሰጣል። እኔ በዚህ አንድ ቀን ሙሉ ያጠፋሁት ፎቶው ጎኑ ተቆርጦ እንደነበር ሳላስተውል ስለቀረሁ ነው። ፕሮግራሙ፣ ሌላ ካልነገሩት በቀር፣ የፎቶው መሐል የሌንሱ መሐል ነው ብሎ ይነሳል፤ ተቆርጦ ከሆነ ሳጥኑ ጠማማ ሆኖ ይወጣል። ምልክቱ አይሰወርም። አንዱን ግድግዳ ከፎቶው ጋር ሲያገጥሙት ሌላው አልገጥም ካለ ጥፋቱን ፎቶው ላይ ይፈልጉት።

ልኩ ከተገኘ በኋላ በብሌንደር የሚያስፈልገው ካሜራ ይህ ነው፦

```
Type: Orthographic
Rotation X: 54.736
Rotation Y: 0
Rotation Z: 45
```

ብዙ ጌሞች ግን X ላይ 60 ይጠቀማሉ፤ ያኔ የመሬቱ መስመር ሁለት ፒክስል ወደ ጎን በሄደ ቁጥር አንድ ፒክስል ከፍ ስለሚል መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። የትኛውን እንደሚጠቀሙ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንዱ የተሣለ መነሻ በሌላው ላይ ጣሪያው ሰፍቶ ወይም ጠብቦ ይታያል።

አሁን ወደ ጎደለው ጣሪያ እንመለስ። ከፍ ካለ ቦታ የተነሳ ሌላ ፎቶ ወይም የሳተላይት ምስል ካልተገኘ መገመት ግድ ነው። የፋሲል ግንብ አናት በአብዛኛው ጠፍጣፋ ሰገነት ነው፤ ዙሪያው ጥርስ ያለው ክልል፣ አራቱ ጥግ ላይ ባለ ጉልላት ማማዎች፣ አንድ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ግንብም አለው። ሰዉ እንቁላል ግንብ የሚለው በጉልላቶቹ ቅርጽ ነው፤ እኔ ከምንም በላይ የምሟገተው ለእነሱ ነው። ጉልላቱን ግማሽ ኳስ አድርጎ የሠራ ሰው ስሙን አጠፋው፤ ከፍ ከፍ ብሎ ጫፉ ጠበብ ማለት አለበት።

ቁጥሩን እንየው። ባለ ስምንት ጎን ማማ ግድግዳው 16 ሦስት ማዕዘን ይፈጃል። ጉልላቱ በሦስት እርከን ሲሠራ 40 ነው። አራቱ ማማዎች ተደምረው 224 መሆናቸው ነው። ጥርሶቹ ግን እያንዳንዳቸው፣ ከሥራቸው ያለውን የማይታይ ፊት ሳንቆጥር፣ 10 ይፈልጋሉ። በእያንዳንዱ ጎን 15 ቢደረደሩ ብቻቸውን 600 ይሆናሉ፤ ማንም ልብ የማይላቸው ጥርሶች ከአራቱ ማማዎች በላይ በሉ ማለት ነው። ስለዚህ ይቀነሳሉ፤ በየጎኑ ሰባት ወፍራም ጥርስ ቢሆን ወደ 280 ይወርዳል፣ ከሩቅ ሲታይም ግንብነቱ አይጠፋም።

ስለ መጠንም እንዲሁ ነው። የግንቡ ቁመት 32 ሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ 320 ፒክስል ቁመት ቢሰጠው አንድ ሜትር አሥር ፒክስል ይሆናል። ሰው 17 ፒክስል ነው፣ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ ደግሞ ሁለት ፒክስል። ያንን ድንጋይ አንድ በአንድ መሣል ድካም ብቻ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ እንደ አቧራ ብልጭ ድርግም ይላል። ድንጋዩ በቀለም ይነገራል፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ጠቆር ያሉ ጠፍጣፋ ቁርጥራጮች ይበቃሉ። በሮቹ ግን ከእውነተኛው ልካቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ቢያድጉ መልካም ነው፤ አለዚያ ተጫዋቹ መግቢያውን ያጣዋል።

ቀለም ሲወስዱ ፀሐይዋን አብረው እንዳይወስዱ። ከሰዓት በኋላ የተነሳ ፎቶ ላይ አንዱ ግድግዳ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ነው፤ ድንጋዩ ግን አንድ ነው። ሁለቱንም ቀለም ከፎቶው ቀድተው ከቀቡት፣ ጌሙ የራሱን ብርሃን ሲያበራ ግንቡ ሁለት ጥላ ይኖረዋል። ደመናማ ቀን ከተነሳ ፎቶ አንድ ቡናማ መርጦ ማቅለሉንና ማጥቆሩን ለብርሃኑ መተው ይሻላል።

መነሻው ሥዕል ሲጠናቀቅ እኔ በፎቶ ያረጋገጥኩትን በሙሉ መስመር፣ የገመትኩትን በነጠብጣብ መስመር አሰምራለሁ። በፋሲል ግንብ ሥዕሌ ላይ ከሰገነቱ ወለል ግማሹ ነጠብጣብ ነው። ከኋላ ያሉትን ሁለት ግድግዳዎች ጭራሽ አልሣልኳቸውም፤ ሥዕሉን የሚቀበለው ባለሙያ የጌሙ ካሜራ እንደማይዞር ነግሮኛል። ይዞራል ቢለኝ ኖሮ ሥራዬ ከእጥፍ በላይ በሆነ ነበር፤ ዛሬ ማንም ሥራ ሲሰጠኝ ከፎቶው በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው።