ጥንቁቁን ሰው የሚመልስ ማስታወቂያ

አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት ፈልጎ ያወጣው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል።

«ጾታ፦ አይለይም። ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ። ተፈላጊ ችሎታ፦ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፤ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ይመረጣል። የሥራ ልምድ፦ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ከዚህ ውስጥ 3 ዓመቱን በአስመጪ ድርጅት የሠራ። ፒችትሪና ኤክሴል ጠንቅቆ የሚያውቅ። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር። በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል። ከሥራ ሰዓት ውጭና በበዓል ቀን ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ። መልካም ሥነ ምግባር ያለው። በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል። ደመወዝ፦ በስምምነት። አመልካቾች ኦሪጅናልና ፎቶ ኮፒ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል እንድትመዘገቡ እያሳወቅን፣ መስፈርቱን የማያሟላ አመልካች የማናስተናግድ መሆኑን እንገልጻለን።»

ለአንባቢ አዲስ ነገር የለውም። በየጋዜጣው፣ በየቴሌግራም ቻናሉ፣ በየአጥሩ ላይ የሚለጠፈው ይኸው ነው። ግን ቆጠራ እናድርግ። ድርጅቱ የሚጠይቀው አሥራ አንድ ነገር ነው። የሚሰጠው ደግሞ «በስምምነት» በሚል አንድ ቃል አለቀ። ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድም ዓረፍተ ነገር የለም።

ማስታወቂያው ሰው አላጣም። የተመዝጋቢው ፋይል ጠረጴዛ ሞላ፤ አብዛኛው ግን ገና የተመረቁ ልጆች ፋይል ነበር። ዋና ሒሳብ ሹሙ ዘጠኝ ሰው ጠርተው አነጋገሩና አንድም ሳይቀጥሩ ቀሩ። «ጥሩ ሰው ጠፍቷል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጥሩው ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ ይሆናል የሄደው አልኳቸው።

ቀጣሪ ረጅም የመስፈርት ዝርዝር የሚጽፈው ወንፊት ይሆንልኛል ብሎ ነው። ወንፊቱ ግን የሚያጠልለው ሌላ ሰው ነው። ሥራ ያጣ ልጅ 6 ዓመት የሚለውን አይቶ «ዕድሌን ልሞክር» ይላል፤ የሚያጣው የፎቶ ኮፒና የታክሲ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሥራ ላይ ያለች፣ አምስት ዓመት በታማኝነት ሒሳብ የያዘች ሴት ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አሥሩን ታሟላለች፣ አንዱ ይጎድላታል። «አይስተናገድም» ተብሎ ተጽፏልና ታልፈዋለች። የተጻፈን ነገር እንደተጻፈ መውሰድ፣ የጎደለችን አንዲት ቁጥር አለማለፍ የሒሳብ ሠራተኛ ዋና ጠባይ ነው። ስለዚህ ይህ ማስታወቂያ የሚመልሰው በትክክል የሚፈልገውን ሰው ነው።

ነገሩ በሌላ አገርም ተፈትኗል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በካናዳ የሚገኝ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት ባወጣቸው እውነተኛ ማስታወቂያዎች ላይ ተሠርቶ ነበር። አጥኚዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ ድርጅቱ ከሠራተኛው የሚፈልገውን፣ በሌሎቹ ላይ ድርጅቱ ለሠራተኛው የሚሰጠውን ጎላ አድርገው ጻፉ። የተሻለ ነጥብ ያገኙ አመልካቾች በብዛት የመጡት መስጠትን ባስቀደሙት ማስታወቂያዎች በኩል ነው።

የማሻሻያው ሥራ የሚጀምረው ግን ከቃላቱ አይደለም። ዋና ሒሳብ ሹሙን የጠየቅኳቸው «ይህ ሰው የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር። በመጀመሪያ «ሁሉንም» አሉ። ቀስ እያልን ስንሄድ አራት ሥራ ወጣ። የሦስት ባንኮችን ሒሳብ በየወሩ ማስታረቅ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የዊዝሆልዲንግ ሪፖርት በየወሩ አዘጋጅቶ ማሳወቅ፣ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮን ተነስቶ የገባውን ዕቃ ዋጋ ማስላት፣ በሐምሌ ደግሞ የዓመቱን ሒሳብ መዝጋት። ማስታወቂያው ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ከዚያ እያንዳንዱን መስፈርት በአንድ ጥያቄ ፈተንነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አንድ ሰው በእነዚህ 60 ቀናት ውስጥ ሊማረው የሚችለው ነገር ለምን የመግቢያ በር ላይ ይቆማል?

ፒችትሪ ወዲያው ወደቀ። ሒሳብ የገባው ሰው ሶፍትዌሩን በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል፤ ሶፍትዌሩን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ሒሳብን በዚያ ፍጥነት አይማርም። በአስመጪ ድርጅት 3 ዓመት የሚለውም ወደቀ። ዋጋ ማስላቱን ዋና ሒሳብ ሹሙ ራሳቸው በሁለት ዲክላራሲዮን ላይ እንደሚያስተምሩት አመኑ። 6 ዓመቱ ከየት እንደመጣ ስንፈልግ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የለቀቀው ሠራተኛ ሲቀጠር የነበረው ልምድ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው የዓመት ሒሳብ በራሱ እጅ የዘጋ ሰው ነው። አሥር ዓመት ሠርቶ አንዴም ያልዘጋ አለ፤ በአራት ዓመት ሦስቴ የዘጋ አለ። ስለዚህ የዓመት ቁጥሩ ወጥቶ «ቢያንስ ሁለት ጊዜ የበጀት ዓመት ሒሳብ የዘጉ» የሚለው ገባ።

ዕድሜ ለምን እንደተጻፈ የሚያውቅ አልነበረም። ዋስ ገንዘብ ለሚይዝና ንብረት ለሚረከብ ሠራተኛ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ይህ ሠራተኛ ጥሬ ገንዘብ አይነካም። «መልካም ሥነ ምግባር ያለው» የሚለውን አንብቦ የሚቀር መጥፎ ሰው የለም። «በጫና ውስጥ መሥራት» የሚለው ግን እውነት ደብቆ ነበር። ሲፈታ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማምሸት አለ ማለት ነው። ይህ መደበቅ የለበትም። ነገር ግን ማምሸት ካለ የትርፍ ሰዓት ክፍያም አለ፤ በአዋጁ ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ በበዓል ቀን የተሠራው በሁለት ተኩል ይባዛል። ሁለቱ አብረው ሲጻፉ ማስፈራሪያ መሆኑ ቀርቶ መረጃ ይሆናል።

ከዲግሪው ጋር በር ላይ የቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ሒሳብ መዝጋትና ባንክ ማስታረቅ።

የከበደን ደመወዙ ነው። የድርጅቱ ባለቤት «ቁጥር ከጻፍን ሁሉም ከፍተኛውን ይጠይቃል» አሉ። ይጠይቃል፤ ግን «በስምምነት» የሚለውስ ምን ያደርጋል? ሥራ ላይ ያለ ሰው የማያውቀውን ደመወዝ ለመጠየቅ ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ አይመጣም። ቢመጣም ሦስት ዙር ተነጋግሮ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ሲሰማ ይሄዳል፤ የሁሉም ጊዜ ይባክናል። ባለቤቱ በኋላ የተናገሩት ሌላው ምክንያት ይበልጥ እውነተኛ ነበር፦ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ያዩታል። አዲሱ ሰው ከነባሩ በላይ የሚከፈለው ከሆነ ነባሩ ዛሬ በማስታወቂያ ባያየው በወር ውስጥ ከባልደረባው ይሰማዋል። ያ የማስታወቂያ ችግር ስላልሆነ ማስታወቂያ አይሸፍነውም። ሁለት ነባር ሠራተኞች ደመወዝ ከተስተካከለ በኋላ ቁጥሩ ተጻፈ።

አዲሱ ማስታወቂያ እንዲህ ወጣ።

«ሲኒየር አካውንታንት እንፈልጋለን። የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነን፤ በሒሳብ ክፍላችን አራት ሰዎች አሉ። በየወሩ የሦስት ባንኮችን ሒሳብ ያስታርቃሉ፣ የታክስ ሪፖርት ያዘጋጃሉ፣ ከውጭ የገባ ዕቃ ዋጋ ያሰላሉ፣ በሐምሌ የዓመቱን ሒሳብ ከዋና ሒሳብ ሹሙ ጋር ይዘጋሉ። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለዎት፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የዓመት ሒሳብ የዘጉና የባንክ ሒሳብ ያለረዳት የሚያስታርቁ ከሆነ ያመልክቱ። የአስመጪ ሒሳብና ፒችትሪ ካላወቁ እናስተምራለን። ያልተጣራ ደመወዝ ከ28,000 እስከ 34,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበል በተጨማሪ። ሐምሌና ነሐሴ የምናመሽባቸው ቀናት አሉ፤ ትርፍ ሰዓቱ በአዋጁ መሠረት ይከፈላል። የሥራ ታሪክዎን በኢሜይል ይላኩ። አብረው፣ ባንክ ሲያስታርቁ ያጋጠመዎትን አንድ ልዩነት እንዴት እንዳገኙት በአሥር መስመር ይጻፉልን። ኦሪጅናል ማስረጃ የምናየው ለቃለ መጠይቅ ሲመጡ ነው። ለላኩልን ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ እንሰጣለን።»

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው «ጾታ አይለይም» ብሎ ጀምሮ «ያለው፣ የሚያውቅ፣ የሚችል» እያለ እስከ መጨረሻው በወንድ አንቀጽ ሄደ። አማርኛ ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለው፤ በ«እርስዎ» ሲጻፍ ወንድና ሴት አይለይም፣ አንባቢውም ተከብሮ ይጠራል። «ያስታርቃሉ» የሚለውን ያነበበች ሴት በአእምሮዋ ወደ ራሷ መተርጎም አያስፈልጋትም።

አሥሯ መስመር ደግሞ ባለቤቱ «መስፈርት ከቀነስን ሰው ይጎርፍብናል» ብለው ለፈሩት መልስ ናት። ባንክ አስታርቆ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚጽፍ አያውቅም። የሚያውቀው ያልተመነዘረችውን ቼክ፣ ሁለቴ የተመዘገበችውን ደረሰኝ፣ የተገለባበጠችውን አኃዝ ያነሳል። ከዲግሪው ይልቅ እሷ ብዙ ትናገራለች።

ይህ መንገድ የማይሠራበትም ቦታ አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስፈርቱና ደመወዙ በሥራ ደረጃው የተወሰነ ስለሆነ የሰው ኃይል ባለሙያው እንደፈለገ አይቀንሰውም፤ የሥራውን ይዘት ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሮ መጻፍ ይችላል። የነርስ የሙያ ፈቃድን ወይም የሹፌር መንጃ ፈቃድን የመሰለ ሕግ የሚያስገድደው ነገር በር ላይ መቆየት አለበት። ደመወዙ ከገበያው በታች ከሆነ ደግሞ ቃላት አያድኑትም። ከሁሉ የከፋው የሌለ ነገር ጽፎ ማምጣት ነው። «እናስተምራለን» ብሎ የሚያስተምር ሰው የሌለው ድርጅት 60 ቀን ሳይሞላ ሠራተኛውን ያጣዋል።

የተሻሻለ ማስታወቂያ መሥራቱን በፋይል ብዛት አትመዝኑት። የሚቆጠረው ካመለከቱት ውስጥ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ስንት እንደሆኑ፣ ከተጠሩት የሚቀሩት ስንት እንደሆኑ ነው። ብዙ ሰው ደውሎ አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ የጎደለው መስመር እሱ ነው፤ ይጨመር።

ለሁለተኛው ማስታወቂያ የመጣው ሰው ከመጀመሪያው በብዙ ያነሰ ነበር። ዋና ሒሳብ ሹሙ ስድስት ሰው አነጋግረው በሦስቱ መካከል መምረጥ ተቸገሩ። የተቀጠረችው በአንድ ዳቦ ፋብሪካ 5 ዓመት ሒሳብ የያዘች፣ የአስመጪ ሒሳብ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። በሐምሌ ሒሳቡን የዘጋችው እሷ ናት። ዕድሜዋ 41 ነው።