ሁለት ክብደት በአንድ ገመድ፦ መልሳችን ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የፊዚክስ ጥያቄ ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ «አረጋግጥ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ሥራውን ከላይ እስከ ታች ደግሞ ማንበብ ነው። መጀመሪያ ያሳሳተው ሐሳብ ግን አሁንም አብሮት ስላለ፣ እዚያው መስመር ላይ ሲደርስ በዚያው ምክንያት «ልክ ነው» ብሎ ያልፋል። መልስ የሚፈተነው ከተሠራበት መንገድ ውጭ በሆነ ጥያቄ ነው። ጊዜ የማይፈጁ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ መልሱ ተመልሶ ሲተካ ይስማማል ወይ? መለኪያው ልክ ነው ወይ? ውጤቱን አስቀድመን በምናውቀው ልዩ ሁኔታ ላይስ ምን ይላል?

ሦስቱንም በአንድ ጥያቄ ላይ እንያቸው። አንድ ቀላል ገመድ በፑሊ ላይ አልፎ በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት ዕቃዎች ተንጠልጥለውበታል። የከባዱ መጠነ ቁስ `m1`፣ የቀላሉ `m2` ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ አትውድ እ.ኤ.አ. በ1784 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው መሣሪያ ነው፤ ሁለቱ ዕቃዎች ተቀራራቢ ከሆኑ መውደቁ ስለሚዘገም በጊዜው በነበረ ሰዓት እንኳ መለካት ይቻል ነበር። ዛሬም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ዕቃዎቹ ፍጥነታቸው በየሰከንዱ በስንት ይጨምራል፣ ማለትም አክስለሬሽኑ `a` ስንት ነው? የገመዱ ውጥረት `T`ስ? የፑሊው ክብደትና ሰበቃው አይታሰቡም።

ከባዱ ሲወርድ ቀላሉ ይወጣል። ከባዱን ስበት ወደ ታች፣ ገመዱ ደግሞ ወደ ላይ ይጎትቱታል፤ ቀላሉን የሚያሸንፈው ገመዱ ነው። ስለዚህ፦

```
m1·g − T = m1·a
T − m2·g = m2·a
```

ሁለቱን ስንደምር `T` ይጠፋና የሚከተለው ይገኛል፦

```
a = (m1 − m2)·g / (m1 + m2)
T = 2·m1·m2·g / (m1 + m2)
```

በመተካት እንጀምር። `m1` 3 ኪሎግራም፣ `m2` 2 ኪሎግራም፣ `g` እንደተለመደው 10 ይሁን። `a` 2 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ `T` 24 ኒውተን ይሆናል። ወደ መጀመሪያው እኩልዮሽ እንመልሳቸው፦ 30 ሲቀነስ 24፣ 6 ነው፤ 3 ሲባዛ በ2ም 6 ነው። ሁለተኛው፦ 24 ሲቀነስ 20፣ 4፤ 2 ሲባዛ በ2ም 4። ተስማማ። መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ላይ የተሠራ ስህተት ቢኖር ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ባልገጠመ ነበር። ለዚህ ነው ወደ ሁለቱም መመለስ ያለብን። `T`ን ከመጀመሪያው አውጥቶ እዚያው መጀመሪያው ላይ መልሶ መሞከር ሁልጊዜ ይገጥማል፤ ምንም አይነግረንም።

አሁን አንድ የተለመደ ስህተት እናስገባ። አንድ ተማሪ ለሁለቱም ዕቃ «ወደ ላይ ፖዘቲቭ ነው» ይላል፤ እስከዚህ ምንም ጥፋት የለበትም። ከዚያ ግን ለሁለቱም ያንኑ `a` ይጽፋል፦

```
T − m1·g = m1·a
T − m2·g = m2·a
```

ቢሠራው `a = −g`፣ `T = 0` ያገኛል። ልተካ ቢል 0 ሲቀነስ 30 ኔጌቲቭ 30 ነው፤ 3 ሲባዛ በኔጌቲቭ 10ም ኔጌቲቭ 30። ሁለተኛውም ኔጌቲቭ 20 ሆኖ ይገጥማል። የተሳሳተ መልስ የመተካትን ፈተና ያለ አንዳች ችግር አለፈ! ምክንያቱም ስህተቱ ያለው በስሌቱ ውስጥ ሳይሆን በእኩልዮሾቹ አጻጻፍ ነው፤ ተማሪው መልሱን ያመሳከረው ከራሱ ወረቀት ጋር እንጂ ከጥያቄው ጋር አልነበረም። ወደ ጥያቄው ቢመለስ ኖሮ መልሱ ሁለቱም ዕቃዎች እኩል ወደ ታች ይወድቃሉ እንደሚል ባየ ነበር፤ በማይለጠጥ ገመድ በፑሊ ላይ ለተያያዙ ነገሮች ይህ ከቶ አይሆንም። የመጨረሻው መተካት ምንጊዜም ጥያቄው በቃል በተጻፈበት ላይ መሆን አለበት እላለሁ።

የመለኪያ ጥያቄም ይህን ስህተት አይይዘውም፤ `−g` የአክስለሬሽን መለኪያ አለውና። የሚይዘው ልዩ ሁኔታ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች እኩል ቢሆኑስ? ማንም ሳያሰላ ያውቀዋል፦ ሚዛናቸውን ጠብቀው ይቆማሉ፣ `a` ዜሮ ነው። የተማሪው መልስ ግን `m1`ም `m2`ም ስለሌሉበት እኩል ቢሆኑም ባይሆኑም በ`g` ይወድቃሉ ይላል። እዚያ ላይ ወደቀ። ትክክለኛው ቀመር ግን `m1` እና `m2` እኩል ሲሆኑ ላዕሉ ዜሮ ይሆናል፤ ውጥረቱም የአንዱን ዕቃ ክብደት ያህል፣ `m·g` ይወጣል።

ሌላው ልዩ ሁኔታ አንዱን ዕቃ ማንሳት ነው። `m2` ዜሮ ከሆነ ከባዱን የሚይዘው የለም፤ በ`g` ይወድቃል፣ ገመዱም ይላላል። ቀመሩ `a = g`፣ `T = 0` ይላል። ሁለቱንም መሞከር ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አንድ ሰው ውጥረቱ የሁለቱ ክብደት አማካይ ነው ብሎ `(m1 + m2)·g / 2` ቢጽፍ፣ ዕቃዎቹ እኩል ሲሆኑ `m·g` ይሰጣል፤ አለፈ። `m2` ዜሮ ሲሆን ግን ምንም ያልተንጠለጠለበት ገመድ የ`m1`ን ክብደት ግማሽ ይጎትታል ማለት ነው። በአንድ ልዩ ሁኔታ ማለፍ ብቻውን አያስተማምንም። ልዩ ሁኔታ ስንመርጥም መልሱን ያለ ቀመሩ የምናውቀው መሆን አለበት፤ አለዚያ የምናመሳክረው ከግምታችን ጋር ነው።

የመለኪያው ምርመራ ከሦስቱ ፈጣኑ ነው። `T` ጉልበት ስለሆነ መለኪያው ኒውተን፣ ማለትም ኪሎግራም ሲባዛ በሜትር በሰከንድ ካሬ መሆን አለበት። በቀመራችን ላዕል ኪሎግራም ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ታህቱ አንዱን ያጠፋል፣ አንድ ኪሎግራምና የ`g` መለኪያ ይቀራሉ። ልክ ነው። ስንገለብጥ አንዱን `m1` ጥለን `2·m2·g / (m1 + m2)` ጽፈን ቢሆን ኪሎግራሙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋና «ጉልበት» ያልነው አክስለሬሽን ሆኖ ይገኛል። በታህቱ ውስጥ `1 + m1` ዓይነት ነገር ካየንም ቁጥርና ኪሎግራም ስለማይደመሩ ማስላት ሳያስፈልግ ስህተት አለ ማለት ነው። ይሁንና 2 መለኪያ የለውም፤ ቢጠፋ አይታወቅም። ኔጌቲቭ ምልክትም እንዲሁ። የጠፋ 2 እኩል ዕቃዎች ላይ ሲሞከር ይታወቃል፦ `T` ግማሽ ክብደት ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የአሠራር ነገር አለ፤ ከሁሉም በላይ እሱ እንዲያዝ እፈልጋለሁ። ቁጥሮቹን ቶሎ አታስገቡ። ብዙ ተማሪዎች 3ን፣ 2ንና 10ን ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ እጃቸው ላይ የሚቀረው 24 ብቻ ነው፤ 24 ደግሞ `m1` እና `m2` እኩል ቢሆኑ ምን ይሆን ነበር ተብሎ አይጠየቅም። ፊደሎቹ እስከ መጨረሻ ከቆዩ ሁለቱ ምርመራዎች ይቻላሉ። ቁጥር ከገባ በኋላ የሚቀረው በግምት መመዘን ነው፦ ቀላሉ ዕቃ ፍጥነት እየጨመረ ስለሚወጣ ገመዱ ከ20 ኒውተን በላይ፣ ከባዱ ደግሞ ስለሚወርድ ከ30 በታች መጎተት አለበት። 24 በመካከል ነው። 36 ያገኘ ተማሪ ወረቀቱን ገና አይስጥ።

በምርጫ ፈተናም ፊደል ያላቸው አማራጮች ሲቀርቡ ሥራው ከዚህ ይቀላል። መለኪያው ያልገጠመውን፣ ከዚያ በእኩል ዕቃዎች የወደቀውን፣ ከዚያ `m2` ዜሮ ሲሆን የወደቀውን እያወጡ መሄድ ነው። ብዙ ጊዜ ሙሉ ስሌቱን ሳይሠሩ አንድ አማራጭ ብቻ ይቀራል።

ምርመራው ስህተት ካሳየስ? ሁሉንም መሰረዝ አያስፈልግም። የወደቀውን ጥያቄ ይዞ ከሥራው መካከል ያለ አንድ መስመር ላይ መሞከር ነው፦ እዚያ መለኪያው ልክ ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ በታች ነው፣ ካልሆነ ከዚያ በላይ። በልዩ ሁኔታም እንዲሁ ይሠራል። የመጀመሪያው እኩልዮሽ ራሱ ከወደቀ ደግሞ ስሌቱን ትቶ ወደ ሥዕሉ መመለስና ቀስቶቹን አንድ በአንድ መሳል ይሻላል።