ውዝፍ አለብዎት ብሎ መጻፍ

የእድር ገንዘብ ያዥ ደመወዝ የለውም፤ ወቀሳ ግን አያጣም። በተለይ መዋጮ የተወዘፈበትን ጎረቤት በጽሑፍ መጠየቅ ሲመጣ ብዙዎች እጃቸው ይይዛቸዋል። ነገ ልቅሶ ቤት ጎን ለጎን የሚቀመጡ፣ ቡና የሚጠራሩ ሰዎች ናቸውና። አንዳንዱ ደብዳቤውን በሰላምታና በምርቃት ሞልቶ ዕዳውን ሳይነካ ይጨርሰዋል። ሌላው የባለዕዳዎችን ስም ከነብሩ እድሩ ቤት በር ላይ ይለጥፋል። የመጀመሪያው ገንዘብ አያስገባም። ሁለተኛው ያስገባ ይሆናል፤ ግን ሰውየው ዕዳውን ከፍሎ ፊቱን ያዞራል።

ሒሳቡ ከጠራ ቃል ማክረር አያስፈልግም። ወርሃዊ መዋጮው 150 ብር፣ የዘገየ ወር ቅጣቱ 15 ብር የሆነ እድር እንበል። በመዝገቡ መሠረት አንዲት እናት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ የ5 ወር አልከፈሉም፤ መዋጮው 750፣ ቅጣቱ 75፣ በድምሩ 825 ብር። ገንዘብ ያዡ ይህን ጽፎ ከመላኩ በፊት የእድሩን የባንክ መግለጫ ያወጣል። የካቲት ላይ ከአባላት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ከሌለ ሰው 150 ብር ገብቷል። ደውሎ ሲያጣራ ልጃቸው በስልክ የላከችው ሆኖ ተገኘ። ድሮ አባሉ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ከፍሎ ያስፈርም ነበር፤ በስልክ ሲላክ ግን የሚታየው የላኪው ስም ነው። የሴትዮዋ ዕዳ እንግዲህ የ4 ወር ነው፤ 600 መዋጮ፣ 60 ቅጣት፣ 660 ብር። ሳይጣራ 825 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እሳቸው ትክክለኛውን 660 ለመክፈል እንኳ እምቢ ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ከተጣራ በኋላ ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ለተከበሩ የእድራችን አባል፣

ጤና ይስጥልኝ። በመዝገባችንና በባንክ መግለጫው እንዳየነው የታኅሣሥ፣ የጥር፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ወር መዋጮዎ አልገባም። በልጅዎ በኩል የተላከው የየካቲት መዋጮ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ስለዚህ መዋጮ 600 ብር፣ በደንባችን መሠረት ቅጣት 60 ብር፣ በድምሩ 660 ብር ይቀርብዎታል። የግንቦት ወር ጊዜው ስላላለፈ እዚህ ውስጥ አልገባም።

እስከ ግንቦት 30 ድረስ በእድሩ የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡ፣ ወይም በወሩ ስብሰባ ላይ ከፍለው ደረሰኝ እንዲቀበሉ በአክብሮት አሳስባለሁ። በሌላ ሰው በኩል የሚልኩ ከሆነ የአባልነት ቁጥርዎ ይጻፍልን። የከፈሉበት ደረሰኝ ካለ ይዘው ይምጡ፤ አብረን እናያለን። በአንድ ጊዜ መክፈል ከከበደዎት እስከዚያው ቀን ለኮሚቴው ያሳውቁ። ቀኑ ካለፈ ጉዳዩን በደንቡ መሠረት ለኮሚቴው አቀርባለሁ።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ»

ወሮቹ በስማቸው ተዘርዝረዋል። «የብዙ ወር ውዝፍ አለብዎት» የተባለ ሰው ይከራከራል፤ «ጥርና መጋቢት» የተባለ ደብተሩን ያወጣል። ሌላው ልብ የሚባለው ነገር ደብዳቤው ስለ ሞት አለማንሳቱ ነው። ብዙ እድሮች ውዝፍ ያለበት አባል ሐዘን ሲደርስበት ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ዕዳውን ይቀንሳሉ፤ ውዝፉ ከተወሰነ ወር ካለፈም ጭራሽ የማይከፍሉ አሉ። ይህ ደንብ አባሉ ሲመዘገብና በጠቅላላ ጉባኤ ሊነገረው የሚገባ ነው። በመጀመሪያው ማሳሰቢያ ላይ ግን ማስፈራሪያ ይመስላል፤ ቤታቸው የታመመ ሰው ካለ ደግሞ እንደ ሟርት ይቆጠራል። እኔ ብሆን ለሁለተኛው ደብዳቤ አቆየዋለሁ፤ ያኔ ግን የደንቡን አንቀጽ ጠቅሶ በግልጽ መጻፍ ግድ ነው፣ አባሉ ሳያውቅ መብቱን እንዳያጣ።

ገንዘብ ያዡ በራሱ የማይወስነው ነገርም አለ። ሴትዮዋ መጥተው «ታምሜ ነው፣ ቅጣቱን ተውልኝ» ቢሉት ልቡ ቢራራም 60 ብሩን መሰረዝ አይችልም። ለአንዱ ከሰረዘ ነገ ሌላው ይጠይቀዋል፤ የሒሳብ መርማሪ ሲመጣም መልስ ያጣል። ጥያቄያቸውን ተቀብሎ ለኮሚቴው ማቅረብ ነው የእሱ ሥራ፤ ኮሚቴው ምሕረት ካደረገ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረምበታል።

ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ቤታቸው ይደርሳል፤ ተቀባዩ በመላኪያ ደብተር ላይ ይፈርማል፤ ቅጂው ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጣል። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አይሰጥም። እዚያው ድንኳን ውስጥ ሰው ብር አውጥቶ «ይኸው የመጋቢቱን» ቢለውም፣ ደረሰኝ ካልያዘ ባይቀበል ይሻለዋል።