በዶላር ተጽፎ በሊራ የተከፈለ ደመወዝ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው የጣሏቸው እህቶቻችን ሻንጣቸውን ተንተርሰው መንገድ ላይ አደሩ። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። ስለ አሠሪዎቹ ጭካኔ ያኔ ብዙ ተብሏል፤ እውነትም ነው። እኔ የማነሳው ግን ከውሉ ውስጥ አንዲት መስመር ነው፦ ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል?

ሊባኖስ ከ1997 እስከ 2023 መጀመሪያ አንድ ዶላርን ከ1,507 ሊራ ተኩል ጋር አስራ ኖራለች። በወር 150 ዶላር የተዋዋለች ሠራተኛ ዶላሩን ተቀበለች ወይም 225 ሺህ ሊራ ገደማ ተቀበለች ያው ነበር። በ2019 መጨረሻ ባንኮች ለደንበኞቻቸው ዶላር መከልከል ሲጀምሩ ይፋዊው ተመን ባለበት ቆመ፤ የጥቁር ገበያው ግን ሽቅብ ሄደ። በሐምሌ 2020 አንድ ዶላር 7,500 ሊራ ገደማ ሲመነዘር፣ ያው 225 ሺህ ሊራ 30 ዶላር ብቻ ሆነ። አሠሪዋ «ሙሉ ደመወዝሽን ሰጥቻለሁ» ትላለች፤ እናት እጅ የሚደርሰው ግን አንድ አምስተኛው ነው።

የሥራ ሰዓትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2009 የወጣው የሊባኖስ ወጥ የሥራ ውል በቀን በአማካይ ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍትና በሳምንት 24 ሰዓት ነፃ ጊዜ ይላል። በዚህ ስሌት የወሩ ሥራ 260 ሰዓት ገደማ ነው፤ 150 ዶላሩ ለሰዓት 58 ሳንቲም ይደርሳል። እሑድ የሌላትና በቀን 14 ሰዓት የምትሠራ ልጅ ግን በወር 420 ሰዓት ትሠራለች። ደመወዟ በሊራ ሲሆንባት ሰዓቷ 7 ሳንቲም አወጣ።

በጣም የሚያሳስበኝ የውሉ ማብቂያ ነው። ያው ውል ሦስት ተከታታይ ወር ደመወዝ ያልተከፈላት ሠራተኛ አገልግሎቷን እንድታቋርጥ ይፈቅዳል፤ የመመለሻ ትኬቱም ያን ጊዜ የአሠሪው ዕዳ ነው። ነገር ግን ክፍያው በፊርማ ደረሰኝ ነው። በማታነበው ቋንቋ «ደመወዜን ተቀብያለሁ» በሚል ወረቀት ላይ የፈረመች ልጅ አልተከፈለኝም ብላ ለመሟገት ይቸግራታል። የአገሪቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ስለማይሸፍን ከውሉ ሌላ የምትይዘው ነገርም ጥቂት ነው። በመስከረም 2020 የተሻለ ውል ወጥቶ ነበር፤ የኤጀንሲዎች ማኅበር ከስሶ በጥቅምት አሳገደው።

ስለዚህ ልጃችሁን ወይም እህታችሁን የምትልኩ ሁሉ፣ ከመፈረሟ በፊት ውሉ ላይ «በዶላር ኖት፣ ካልሆነም በክፍያው ቀን የገበያ ምንዛሪ» የሚል መጻፉን አይታችሁ አረጋግጡ። እዚያ ያላችሁም በየወሩ ስትፈርሙ የተቀበላችሁትን ገንዘብ ዓይነትና መጠን ከፊርማችሁ አጠገብ በእጃችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱንም በስልክ አንሥታችሁ ወደ ቤት ላኩ።