ስሜት በወረቀት ላይ ሲመረመር

ዳያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ፣ በአጭሩ ዲቢቲ፣ የሚሰጥበትን የቡድን ክፍል ከበሩ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሕክምና ቤት ሳይሆን የማታ ትምህርት ቤት ይመስለዋል። ነጭ ሰሌዳ አለ። ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጥራዛቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። አሠልጣኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው የሠልጣኞቹን ፊት ይከታተላል፤ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን እንባው እንደቀረበ፣ ማን ተነሥቶ ሊወጣ እንደሆነ ያያል። እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም የሕይወት ታሪኩን እንዲተርክ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ነው።

ሠልጣኞቹ ብዙውን ጊዜ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር የሚባለው ሕመም ያለባቸው ናቸው። የዚህ ሰው ስሜት በትንሽ ነገር ይነሣል፣ ሲነሣ እስከ ጥግ ይደርሳል፣ ለመብረድም ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የመጣልና የመረሳት ፍርሃት አይለቀውም። ትናንት እንደ እናት ያያትን ወዳጁን ዛሬ እንደ ጠላት ሊያያት ይችላል። ሕመሙ ሲብስ ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸውን እስከ መጉዳት ይደርሳሉ። ሕክምናውን የቀረጹት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ማርሻ ሊነሃን ሲሆኑ፣ ሲያትል ውስጥ ፈትሸው የማስተማሪያውን መጽሐፍ በ1993 አሳተሙ። እርሳቸውም በልጅነታቸው ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበርና በዚሁ ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው እንደታከሙ በ2011 በአደባባይ ተናግረዋል።

ሊነሃን ስለ ሕመሙ መነሻ ያቀረቡት ሐሳብ የቤት ሥራው ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። አንዳንድ ልጅ ሲፈጠር ስሜቱ ስስ ነው። ይህ ልጅ ሲያለቅስ «ይህ ደግሞ ምኑ ያስለቅሳል?»፣ ሲቆጣ «አታካብድ»፣ ሲፈራ «ምንም አልሆንክም» እየተባለ ካደገ የገዛ ስሜቱን ማመን ያቅተዋል፤ ስሜቱን የሚይዝበትን ዘዴም የሚያሳየው ሰው አያገኝም። ስለዚህ ሕክምናው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይይዛል። ስሜትህ ምክንያት አለው ይለዋል፤ ወዲያውም የምታደርገውን መለወጥ አለብህ ይለዋል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሠልጣኙ ወይ ይቀየማል፣ ወይ ባለበት ይቀራል።

ትምህርቱ አራት ክፍሎች አሉት፦ አሁን ያለውን ሳይፈርዱ ማስተዋል፣ ጭንቅን ሳያባብሱ ማሳለፍ፣ ስሜትን መምራት እና ከሰው ጋር መግባባት። አንዱ ዙር 24 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ክፍሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፣ ሁለት ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የማስተዋል ልምምድ ናቸው፤ ለምሳሌ ትንፋሽን ብቻ መከታተል። ከዚያ እስከ ዕረፍቱ ያለው ግማሽ ጊዜ የቤት ሥራ መመልከቻ ነው። ከዕረፍት በኋላ አዲስ ክህሎት ይሰጣል፣ አዲሱ ወረቀት ይታደላል፣ ሠልጣኞቹም ስሜታቸው ረግቶ እንዲወጡ አጭር መዝጊያ ይደረጋል።

ከዚህ ሁሉ ክብደት ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ክህሎትን ሰሌዳ ላይ መስማት ቀላል ነው፤ እሑድ ሌሊት ብቻውን የተጨነቀ ሰው ግን የሚያደርገው የተለማመደውን ነው እንጂ የሰማውን አይደለም።

ከስሜት መምሪያው ክፍል አንዱን ወረቀት እንውሰድ፤ እውነታውን መመርመር የሚባለውን። የምትሞላውን ሠልጣኝ ለማሳያ ያህል በሐሳባችን እንፍጠራት። ዕድሜዋ 24 ነው፣ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ ሥልጠናውን ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው።

ወረቀቱ መጀመሪያ የስሜቱን ስምና ብርታት ይጠይቃል። ብርታቱ ከ0 እስከ 100 ይለካል። «ንዴት፣ 85» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ምን እንደተከሰተ ይጠይቃል፤ እርስዋም «ጓደኛዬ ናቀችኝ» ብላ ሞላች። የቤት ሥራው ሲታይ አሠልጣኟ እዚህ ላይ አቆመቻት።

«ካሜራ ቢኖር ኖሮ ምን ይቀርጽ ነበር?» አለቻት።

ሠልጣኟ አሰበችና፣ «ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መልእክት ላክሁላት። ማንበቧን ስልኬ ያሳያል። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አልመለሰችም» አለች።

«መናቋንስ ካሜራው ያሳያል?»

«አያሳይም። እሱ የኔ ትርጉም ነው።»

ለትርጉም ወረቀቱ የራሱ ቦታ አለው። «ሰልችቻታለሁ» የሚለው እዚያ ተጻፈ፤ ከጎኑም ሌሎች ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች እንዲሰፍሩ ይጠየቃል። ሥራ ላይ ሆና ይሆናል፤ ልጇ ታሞ ይሆናል፤ አንብባው የምትመልሰው ጠፍቷት ይሆናል። ቀጥሎ «የፈራሽው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሠልጣኟ እዚህ ስትደርስ እጇ ዘገየ፤ ከንዴቱ ሥር «ትተወኛለች» የሚል ፍርሃት አገኘች። ወረቀቱ በዚህም አይበቃውም፤ የፈራሽው ቢደርስ ምን ታደርጊያለሽ ይላል። «አለቅሳለሁ፣ እኅቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» ብላ ጻፈች። በመጨረሻ ስሜቱ ከእውነታው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ከ0 እስከ 5 ትመዝናለች። 2 ሰጠችው። የንዴቱም ብርታት ከ85 ወደ 60 ወረደ።

60 ትንሽ ለውጥ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ85 ንዴት ሃያ መልእክት ታወርድ ወይም የጓደኛዋን ቁጥር ትዘጋ ነበር፤ በ60 ደግሞ ስልኩን አስቀምጣ እስከ ጠዋት መቆየት ቻለች። ሥልጠናው የሚፈልገው ይህን ያህል ነው። ንዴቱ ዜሮ እንዲሆን የሚጠብቅ አሠልጣኝ ሠልጣኞቹን ውሸት እንዲጽፉ ያስተምራል።

እሑድ ጠዋት አንድ አጭር መልእክት ላከች፤ «ትናንት ስላልመለስሽልኝ ተጨነቅሁ፣ ደኅና ነሽ?» የሚል። የጓደኛዋም መልስ መጣ፦ «ደኅና ነኝ፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የምትልኪልኝ መልእክት አድክሞኛል።»

እዚህ ላይ አሠልጣኝ በቀላሉ ይሳሳታል። «እውነታውን መርምሪ» ሲባል «ስሜትሽ ስሕተት መሆኑን አረጋግጪ» ማለት ከመሰለው፣ ሠልጣኟ በልጅነቷ የሰማችውን «አታካብጂ» በወረቀት ደገመላት ማለት ነው። የሷ ፍርሃት ግማሹ ልክ ነበር፤ ጓደኛዋ በእርግጥ ደክሟታል። ልክ ያልሆነው ብርታቱና «ትተወኛለች» የሚለው ድምዳሜ ነው። አሠልጣኟም መጀመሪያ ያለቻት ይህንን ነው፦ «የሆነ ነገር እንዳለ ተሰምቶሽ ነበር፤ ነበረም።» የሚቀጥለው እርምጃ ከዚህ ይነሣል። ስሜቱ ከእውነታው ጋር ካልገጠመ፣ ስሜቱ ከሚገፋው ተቃራኒውን ማድረግ ይታዘዛል፤ የፈሩትን መቅረብ፣ ከተቆጡት ሰው ለጊዜው በዝግታ ፈቀቅ ማለት፤ ይህም በቃል ብቻ ሳይሆን በፊት ገጽታ፣ በድምፅና በአቋቋም ጭምር ነው። ስሜቱ ከገጠመ ግን ችግሩ ራሱ መፈታት አለበት። ስለዚህ የዚህች ሠልጣኝ ቀጣይ የቤት ሥራ ከመግባባት ክፍል የተወሰደ ሆነ፤ ከጓደኛዋ ጋር ስለ ሌሊት መልእክቶች የምትነጋገርበትን ቃል አስቀድሞ መጻፍ።

ይህ ወረቀት የማይሠራበት ሰዓት አለ። ስሜቱ እጅግ ከፍ ሲል አእምሮ ማመዛዘን ያቅተዋል፤ ሌላ ትርጉም ፈልጊ ማለት ከንቱ ነው። ያኔ ጭንቅ ማሳለፊያው ክፍል ይቀድማል። ከዘዴዎቹ አንዱ ትንፋሽን ይዞ ፊትን ለ30 ሰከንድ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ነው፤ የልብ ምትን ቶሎ ያወርዳል። በዚሁ ምክንያት የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረውም። ስሜቱ ሲወርድ ወደ ወረቀቱ መመለስ ይቻላል።

ወረቀቱን ሳይሞላ የሚመጣ ሠልጣኝ በየሳምንቱ አለ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ በአምስት ደቂቃ የሞላውም አለ፤ ይህ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ክስተቱ «ሰዎች ያናድዱኛል» የሚል ጥቅል ነገር ነው፤ ቀን፣ ሰዓትና ሰው የለውም። አሠልጣኙ «ችግር የለውም» ብሎ ካለፈ ሌሎቹም መሥራት ይተዋሉ። ከተቆጣ ደግሞ ሠልጣኙ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። የሚደረገው አራት ነገር በተራ መጠየቅ ነው፦ ምን መሥራት እንዳለብህ ገብቶህ ነበር? ለመሥራት ፈቃደኛ ነበርክ? በሳምንቱ ውስጥ ትዝ ብሎህ ነበር? ትዝ ሲልህስ ወዲያው እንዳትሠራው ያገደህ ምንድን ነው? መልሱ «አይ» ያለበት ቦታ ላይ ይቆምና መፍትሔው እዚያው ይፈለጋል። ያልገባው እንደገና ይብራራለታል። የረሳው ስልኩ ላይ ማስታወሻ ይሞላል። «ብጽፈው ሰው ያይብኛል» ያለው ወረቀቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አብረውት ይፈልጋሉ። አሠልጣኙ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በመላው ክፍል ፊት ነው፤ ሌሎቹም የራሳቸውን ሰበብ እዚያ ያገኙታል።

ራስን ስለ መጉዳት ግን በቡድኑ ውስጥ በዝርዝር አይወራም፤ አንዱ የሌላውን ስሜት ሊቀሰቅስ ይችላልና። ለዚያ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በሳምንት አንዴ ለብቻው የሚያገኘው ቴራፒስት አለው። በየቀኑ የሚሞላ የዕለት ካርድም ይዞ ይሄዳል፤ ራስን የመጉዳት ፍላጎት ምን ያህል እንደነበረና የትኛውን ክህሎት እንደተጠቀመ ይሰፍርበታል። በጭንቅ ሰዓትም ለቴራፒስቱ መደወል ይችላል፤ ስልኩ ራሱን ከመጉዳቱ በፊት የትኛውን ክህሎት እንደሚጠቀም ለመጠየቅ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ ወረቀቶቹን ብቻ አግኝቶ ቤቱ የሚሞላ ሰው ያገኘው የሕክምናውን አንድ ክፍል ነው፤ የሞት ሐሳብ ያለበት ሰው በወረቀት ብቻ መተው የለበትም።

24ኛው ሳምንት ሲያልቅ ብዙ ፕሮግራሞች ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ገጽ ደግመው ይጀምራሉ፣ አንድ ዓመትም ይሞላል። በመጀመሪያው ዙር ሠልጣኟ እውነታውን የመረመረችው ክስተቱ ካለፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በማግሥቱ ነበር። በሁለተኛው ዙር አሠልጣኟ ያንኑ ወረቀት ስትሰጣት የምትጠይቃት አዲስ ነገር ሰዓቱ ነው፤ መልእክቱ ከተነበበ ከስንት ደቂቃ በኋላ ወረቀቱን እንዳወጣች ከላይ በኩል ትጽፋለች።